ባክግራውንድ ቼኩ ሲዘገይ ማንን፣ መቼ፣ ምን ብሎ መጠየቅ

«ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ ነኝ። አንድ ሆስፒታል የቢሊንግ ሥራ አግኝተሻል ብለው በስልክ ነገሩኝና የባክግራውንድ ቼክ ቅጽ ሞላሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንት ሆነ፣ ድምፅ የለም። ዲግሪዬና የመጀመሪያ ሥራዬ አዲስ አበባ ነው። ብጠይቅ ጨቅጫቃ እባላለሁ? አሁን ላለሁበት ሥራ መልቀቂያ ላስገባ ወይስ ልጠብቅ?»

እህቴ፣ መልቀቂያውን አታስገቢ። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይቺን ያዢልኝ፣ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጠየቅሽ አያስወቅስሽም። የሚያስወቅሰው የማይመለከተውን ሰው መጠየቅና «ምን ተገኘብኝ?» የሚል ድምፅ ነው። ስለዚህ ብዕር ከማንሳትሽ በፊት ፋይልሽ የት እንደቆመ እወቂ።

1. ሪፈረንስና ባክግራውንድ ቼክ አንድ አይደሉም። ሪፈረንስ የሚባለው አንቺ ስማቸውን የሰጠሻቸውን ሰዎች ራሱ ቀጣሪው ወይም ሪክሩተሩ ደውሎ ሲያነጋግር ነው። ባክግራውንድ ቼኩን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቀጣሪው የከፈለው የማጣሪያ ድርጅት ነው። ቅጹን ስትሞዪ የደረሰሽን ኢሜይል ፈልጊ፣ ውስጡ የራስሽን ፋይል የምታይበት ፖርታል ሊንክ ይኖረዋል። ስትገቢ ፍርድ ቤት፣ ትምህርትና ሥራ በየመስመራቸው ተለያይተው ታገኛቸዋለሽ። ብዙ ጊዜ ሁሉም አልቆ አንዱ መስመር ብቻ ነው Pending የሚለው። ሦስት ሳምንት የፈጀው ያ መስመር ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

እዚያው እያለሽ የኢሜይልሽን ስፓም ፈትሺ። ቅጹ ላይ «አሁን የምትሠሪበትን መሥሪያ ቤት እናነጋግር?» ለሚለው ጥያቄ «አይሆንም» ብለሽ ከሆነ (ብለሽም ከሆነ ትክክል ነሽ)፣ ድርጅቱ በምትኩ ፔይስታብ ወይም ደብሊው ቱ ላኪ ብሎ ጽፎልሽ ሊሆን ይችላል። ያ ኢሜይል ስፓም ውስጥ ተኝቶ አንቺ እነሱን ትጠብቂያለሽ፣ እነሱ አንቺን። ደብሊው ቱ ስትልኪ ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ብቻ ትተሽ ሌላውን ሸፍኚ።

2. ከጻፍሽው ተነስቼ ስገምት የቆመው የአዲስ አበባው መስመር ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር ይረጋገጣል። የአገር ቤቱን ግን አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ወይም ኢሜይል ጽፎ መልስ መጠበቅ አለበት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ቢሄድ የተለመደ ነው። እስኪ ሰዓቱን አስቢው፦ ሜሪላንድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሚደውል ሠራተኛ አዲስ አበባ የሚደርሰው በበጋቸው ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሪጅስትራሩ ቦርሳውን አንስቷል። የገና ወይም የጥምቀት ሰሞን ከሆነማ አትጠይቂኝ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ «መልስ አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገብና ፋይሉ ተራ ይይዛል። ቢነሳም «በደብዳቤ ይጠይቁ»፣ ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ «ፈርማ የፈቀደችበት የታለ?» የሚል አለ። የተማሪ መታወቂያ ቁጥርሽን ካላወቁ መዝገብ አንፈልግም የሚልም አለ። ይሄ የማንም ክፋት አይደለም፣ ግን ሰው ያናድዳል።

ከስልኩ ይልቅ ፋይል የሚያበላሸው ግን የዘመን አቆጣጠራችን ነው፣ እዚህ ላይ ቆም በይ። በምሳሌ ላሳይሽ። ዲግሪሽን ሐምሌ 2005 ዓ.ም. አገኘሽ፣ ኅዳር 2006 ሥራ ጀመርሽ፣ ሰኔ 2010 ለቀቅሽ እንበል። በፈረንጅ ሲገለበጥ ዲግሪው ጁላይ 2013፣ ሥራው ከኖቬምበር 2013 እስከ ጁን 2018 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በላይ ድረስ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ብዙ ሰው ግን በደፈናው 8 ይደምርና ኅዳር 2006ን ኖቬምበር 2014 ብሎ ይሞላል። የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ደግሞ 2013 ብሎ ይመልሳል። እኛ «የቀን አቆጣጠር ነው» ብለን እናልፈዋለን፣ አጣሪው ግን የሚያየው አንድ ዓመት የማይገጥም የሥራ ታሪክ ነው፤ መስመሩን ይይዘውና እንደገና መጠየቅ ይጀምራል። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ «ከኅዳር 2006» ብቻ ብሎ ዓ.ም. መሆኑን ሳይገልጽ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ይባስ፣ እንዳለ 2006 ብለው ያነቡታል።

ስምም እንደዚሁ። አገር ቤት የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፣ እዚህ የአያትሽ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ዲፕሎማሽ ላይ Gebremariam የተባለው መዝገቡ ላይ G/Mariam ሊሆን ይችላል፣ Tesfaye የነበረው Tesfay። አግብተሽ ስም ቀይረሽ ከሆነ ደግሞ ሪጅስትራሩ አዲሱን ስምሽን ፈልጎ «እንዲህ የምትባል ተማሪ አልነበረችም» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ ሪፖርቱ ላይ ከሰፈረ ማስተካከሉ ከማዘግየቱ የበለጠ ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ ሳይጠይቁሽ እነዚህን በአንድ ፒዲኤፍ አዘጋጂ፦ ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር፣ ዲግሪው ላይ ያለው የስምሽ አጻጻፍ፣ ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሪጅስትራሩና የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ የሰው ኃይል ክፍል የአሁን ስልክና የመሥሪያ ቤት ኢሜይል። ጂሜይል ወይም ያሁ አድራሻ አትስጪ፣ የአለቃሽ ቢሆንም አብዛኛው አጣሪ አይቀበለውም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከሌለሽ መሥሪያ ቤቱ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ሪጅስትራር ሄዶ ጥያቄው መድረሱን ያጣራልሽ፣ ቢሮ ድረስ የሄደ ሰው የሚያንቀሳቅሰውን ኢሜይል አያንቀሳቅሰውም። ግን ማረጋገጫውን ዘመድሽ ፎቶ አንስቶ ቢልክ ዋጋ የለውም። ከሪጅስትራሩ በቀጥታ ወደ አጣሪው መሄድ አለበት። ዲግሪሽን እዚህ ያስገመገምሽበት ወረቀት ካለ አያይዢው፣ ይቀበሉት እንደሆነም ጠይቂ፣ ግምገማና ማረጋገጫ ሁልጊዜ አንድ ተደርጎ አይታይምና።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የምትጽፊው ለሪክሩተሩ ነው፣ የወደፊት አለቃሽን አትነካኪ፤ እሷ ሪፖርቱ አይደርሳትም፣ ሪክሩተሩም ተዘልዬ ተከሰስኩ ይላል። አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ፣ ኦፈሩን ባወራችሁበት ኢሜይል ላይ መልሺ። በእንግሊዝኛ ስትጽፊው ይዘቱ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በስልክ ስለነገሩኝ የቢሊንግ ሥራ በድጋሚ አመሰግናለሁ፣ ለመጀመርም ዝግጁ ነኝ። ፖርታሉ ላይ እንደማየው የፍርድ ቤቱና የአሜሪካው ሥራዬ ማጣሪያ አልቋል፣ የኢትዮጵያው ዲግሪዬ ብቻ ይቀራል። እንዲያፋጥንላችሁ የተማሪ ቁጥሬን፣ የሪጅስትራሩን አድራሻና የቀኖቹን ግልባጭ አያይዣለሁ። ከእኔ የሚጠበቅ ሌላ ነገር አለ? አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለብኝ የሚጀመርበት ቀን ይቀየር እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

አስተውይ፣ «ለምን ዘገየ?» የሚል ቃል የለበትም። ሪክሩተሩ አንድ መስመር ጽፎ የሚመልሰው ጥያቄ አለው፣ ለአጣሪው የሚያስተላልፈው ዶሴ አለው፣ የማስጠንቀቂያው ነገርም ቀኑን በጽሑፍ እንዲነግርሽ ምክንያት ይሆነዋል። እኛ አገር ይሉኝታ ይዞን «ላስቸግርዎት ነው፣ ይቅርታ» እያልን ሦስት መስመር እንጨርሳለን፣ ተዪው፣ እዚህ ጥፋት ያለብሽ ያስመስላል። የሌለ ሌላ ኦፈር ፈጥረሽም አታስፈራሪ፣ «እንግዲያው እዚያው ሂጂ» ቢሉሽ መመለሻ የለውም። በእውነት ካለሽ ግን እስከ መቼ መልስ እንደሚጠብቁ ቀኑን ጽፈሽ ንገሪያቸው።

ስለ ጊዜው፦ ቀን ነግረውሽ ከነበረ ቀኑ ካለፈ በማግሥቱ፣ ካልነገሩሽ ቅጹን ካስገባሽ ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ መጻፍ ትችይ ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ ቸኮልሽ የሚልሽ የለም። ከዚያ በሳምንት አንዴ። ሁለት ኢሜይል መልስ ካጣ ደውዪ፣ ካልተነሳም ስምሽንና የሥራውን መደብ ተናግረሽ መልእክት ተዪ። ለአጣሪው ድርጅት ግን በፈለግሽ ቀን መደወል ትችያለሽ። የእነሱ የደንበኛ አገልግሎት የመቅጠር ውሳኔ ውስጥ እጁ የለም፣ «የትኛው መስመር ነው የቀረው፣ ስንት ጊዜ ሞከራችሁ፣ በየትኛው ስልክ?» ብለሽ አፍሽን ሞልተሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሞተ የቤት ስልክ ላይ ሲደውሉ እንደከረሙ የሚታወቀው።

የዘገየው ሪፈረንሱ ከሆነ ደግሞ ለሰዎችሽ ንገሪያቸው። ከአሜሪካ የሚመጣ የማያውቁት ቁጥር አገር ቤት ያለ ሰው አያነሳም፣ አሁን ደግሞ ብዙ ቀጣሪ ከመደወል ይልቅ በኢሜይል መጠይቅ ስለሚልክ እሱም ስፓም ይገባል።

«ዝምታው መጥፎ ነገር ስለተገኘ ይሆን?» ለሚለው ስጋት፦ በ1970 በወጣው የፌዴራል የክሬዲት ሪፖርት ሕግ መሠረት ቀጣሪ በማጣሪያ ድርጅት ሪፖርት ምክንያት ሊከለክልሽ ካሰበ አስቀድሞ የሪፖርቱን ቅጂና የመብትሽን ዝርዝር ሊሰጥሽ ይገባል። ፖርታሉ Consider ካለ፣ ማለትም ቀጣሪው ሊያየው የሚገባ ነገር አለ ካለ፣ ወይም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣ ስህተቱን ለአጣሪው ድርጅት በጽሑፍ ተቃወሚ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። በዚያው ቀን ለሪክሩተሩም «ተቃውሞ አስገብቻለሁ፣ ማስረጃው ይኸው» ብለሽ አሳውቂ፣ ሕጉ ቦታውን ሰላሳ ቀን ይዘህ ጠብቅ አይለውምና።

ሕጉ የማይሸፍነው ግን አለ፣ መልቀቂያው ላይ የጮህኩትም ለዚህ ነው። የስልኩ ኦፈር ማጣሪያው ሲያልቅ የሚጸና ቅድመ ሁኔታ ያለው ነው። በጀት ቢቀነስ፣ ቦታው ቢታጠፍ፣ ምንም ሪፖርት ሳይጠቀስ ሊነሳ ይችላል፣ ሜሪላንድም ውስጥ ቀጣሪና ሠራተኛ በፈለጉ ጊዜ የሚለያዩበት አሠራር ስለሆነ ብዙ የምትከራከሪበት የለም። ስለዚህ የሁለት ሳምንቱን ማስጠንቀቂያ የምትሰጪው «ማጣሪያው ተጠናቋል» የሚልና ደመወዙንና የመጀመሪያ ቀንሽን የያዘ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ በኋላ ነው። ሪክሩተሩ በስልክ «ሁሉም ደህና ነው፣ ልቀቂ» ቢልሽ «አመሰግናለሁ፣ በኢሜይል ቢያረጋግጡልኝ ዛሬውኑ አስገባለሁ» በዪው። የመጀመሪያ ቀኑ ከደረሰ ደግሞ ቀኑን ሁለት ሳምንት እንዲገፋው ጠይቂ፣ የዘገየው በነሱ በኩል ስለሆነ ብዙዎቹ ያለ ክርክር ይገፉታል።