አልማዝ ባለጭራ አፍንጫ ጫፍ ላይ ሲወጣ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ዛሬ ማታ ሻይዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዘጌ ናት። እሑድ ግንባሯን በግራ በኩል ለበለባት። ማክሰኞ ጠዋት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። ዛሬ ሐሙስ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሁለት ፍሬ ጨመረ። ዓይኗ ደህና ነው። እስከ ሰኞ ብንቆይስ?

አትቆዩ። የአፍንጫ ጫፍና የዓይን ውስጥ ስሜት የሚመጣው ከአንድ ቀጭን የነርቭ ቅርንጫፍ ነው። አንዱ ጋ የደረሰ ቫይረስ ሌላውም ጋ ሊኖር ይችላል።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ለብለቡ ከጀመረበት እሑድ ሳይሆን ሽፍታው ከወጣበት ነው። መድኃኒቱ የበለጠ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ነው፤ ለእናትህ ይህ ነገ ጠዋት ያልቃል። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ አሲክሎቪር ካለው ዛሬውኑ ያስጀምሯት፤ ነገ በጠዋቱ ጀልባ ለዓይን ምርመራ አምጣት። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ኩላሊት የሚያማት ከሆነ መጠኑ ስለሚቀየር አስቀድመህ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ምች ነው እኮ! ዳማከሴ እሹላት። ካልሆነም የአሲክሎቪር ቅባት ይበቃል፤ እኔን አድኖኛል።

የመድኃኒቱን ስም አውቀሃል፣ ግማሹ ልክ ነው። ግን ያንተ ከንፈር ላይ የወጣ ይመስለኛል። ይሄኛው ከግንባር መሐል አልፎ ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም፣ መነሻውም ነርቭ ውስጥ ነው። ቅባት እዚያ አይደርስም፤ የሚዋጥ ኪኒን ያስፈልጋል። የዳማከሴ ጭማቂ ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ዓይኗ ካልቀላ ሐኪም ምኑን ያያል?

ዓይን ከሽፍታው ቀናት ዘግይቶ ሊታመም ይችላል። ሐኪሙ ብርቱካናማ ቀለም አድርጎ በሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ኮርኒያው ላይ ያለ ቁስል ይበራል። የዓይን ግፊትም ይለካል። ብርሃን ካስጠላት፣ ካደበዘዘባት ወይም ከቀላ በዚያው ቀን ተመለሱ። አፍንጫው ንጹሕ የሆነ ሰውም ዓይኑ ሊነካ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከጎረቤት የተረፈ የዓይን ጠብታ አታድርጉላት። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ቀዩን ቶሎ ያጠፋዋል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል፣ ችግሩ ግን ከሥር ሊቀጥል ይችላል። ስቴሮይድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ እሱን የሚወስነው ዓይኗን ያየ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጎኔ ላይ ወጥቶብኝ ከዳነ 3 ወር ሆነ፣ አሁንም ይለበልበኛል። ዓይኔን ልመርመር?

አይ እህቴ፣ የጎን ነርቭ ዓይን ጋ አይደርስም። ያ የተረፈ የነርቭ ሕመም ይመስላል። እሱም መድኃኒት አለው፣ ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ አባቴ በግንባሩ ከወጣበት 6 ቀን ሆነው። አለፈበት?

ቀኑ አልፏል ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። አዲስ ፍሬ እየወጣ ከሆነ ወይም ዓይኑ ከተነካ ከ72 ሰዓት በኋላም ይታዘዛል። ምን ያህል እንደሚጠቅመው ግን ሳላየው አልነግርህም። የአፍንጫውን ጫፍ አይተኸዋል?