አቅራቢን «አይሆንም» ስለማለት፦ ጥያቄና መልስ

በግዥ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። አንዱን አቅራቢ መርጣችሁ ሌሎቹን ስታሰናብቱ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ሥራ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ለካርቶን ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ መጣ፣ አንዱን መረጥን። ሁለቱ በየቀኑ ይደውላሉ። «እያየነው ነው» እያልኩ ሳምንት አለፈ። እንዴት ልገላገል?

የሚያስደውላቸው የአንቺው መልስ ነው። «እያየነው ነው» የተባለ ሻጭ ገና ዕድል አለኝ ብሎ ያስባል፤ ቢደውል አይፈረድበትም።

ከመጻፍሽ በፊት ግን የመረጣችሁት ሰው ውል መፈረሙን አጣሪ። ካልፈረመ ሁለተኛ የወጣውን አሁን አታሰናብቺው፤ አንደኛው መጨረሻ ላይ ቢያፈገፍግ ወዴት ትሄጃለሽ? እውነቱን ንገሪው፦ «ከሌላ አቅራቢ ጋር እየተደራደርን ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ቁርጡን አሳውቅዎታለሁ። ዋጋዎን እስከዚያ ሊያቆዩልን ይችላሉ?» ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ተጽፎ ከሆነ ከማለፉ በፊት ጠይቂ። ሦስተኛውን ግን የምትጠብቂበት ምክንያት የለም፤ ዛሬውኑ ጻፊለት።

ለምን ምክንያት እንሰጣለን? እኔ «አልተመረጡም» ብዬ እዘጋለሁ። ምክንያት ከሰጠህ ክርክር ይጀመራል።

ግማሹን ልክ ነህ። አምስት ምክንያት ከደረደርክ ሰውየው ደካማውን መርጦ ይሟገትሃል። አንድ ብቻ፣ ያውም እውነተኛውን ስትሰጠው ግን በሚቀጥለው ጊዜ አስተካክሎ የሚመጣበትን ነገር ያገኛል። ለወደፊቱ በሩን የሚከፍተውም እሱ ነው።

እውነተኛውን ያልኩት ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ጊዜ ፊት ላለማጥቆር ብዬ ለአንድ አቅራቢ «በጀት ተይዞብናል» አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጎረቤታችን ዕቃ ሊያደርስ ሲመጣ የተወዳዳሪው መኪና ግቢያችን ውስጥ ሲያራግፍ አየ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ፕሮፎርማ ጠየቅኩት፣ አልመለሰልኝም። ሁለተኛው ጊዜ ዕቃው እሱ ጋ ብቻ ነበር።

ለካርቶኑ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ለ20,000 ካርቶን ስላቀረቡልን ዋጋ እናመሰግናለን። ለዚህ ዙር ከሌላ አቅራቢ ጋር ስለተዋዋልን ከእርስዎ አንገዛም። ምክንያቱ የማስረከቢያ ጊዜው ነው፤ እኛ በ20 ቀን እንፈልግ ነበር፣ የእርስዎ 45 ቀን ነው። ናሙናዎን ወደነዋል። ቀጣዩ ግዥ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ በ20 ቀን ማስረከብ የሚችሉ ከሆነ ያሳውቁኝ፣ ያኔ ጥያቄውን ለእርስዎም እልካለሁ።»

«ለዚህ ዙር» የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ሰውየው ያጣው ይህን አንድ ሥራ ብቻ መሆኑን የሚነግረው ግን እሱ ነው። «ያኔ እልካለሁ» ካልክ ደግሞ ቀኑን መዝግብ። ሳትልክ ከቀረህ ከመጀመሪያውም ባትለው ይሻል ነበር።

እንዲሁ ጻፍኩ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ «12 በመቶ እቀንሳለሁ» ብሎ መለሰ። አሁንስ?

ምክንያቱ ጊዜ እንጂ ዋጋ እንዳልነበር አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ መልስለት፦ «ስለ ቅናሹ አመሰግናለሁ። ችግሩ የማስረከቢያ ጊዜው ነበር፤ ውሉም ስለተፈረመ ውሳኔው አይለወጥም።» ደግሞ ቢጽፍ ሌላ ማብራሪያ አትጨምር። ቅናሹን ይዘህ ወደ አሸናፊው ሄደህ «ሌላው ቀንሷል» አትበል፤ ሁለቱም ሻጮች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ ቁጠረው።

እኔ ሁለት ዓመት ያሠራሁትን አቅራቢ ላሰናብት ነው። ይህንኑ ደብዳቤ ልላክለት?

አይሆንም፣ ያንተ ሌላ ጉዳይ ነው። ውል ስላላችሁ መጀመሪያ ስለ ማቋረጥ የተጻፈውን አንቀጽ አንብብ፤ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚጠይቅ እዚያ ታገኘዋለህ።

ናሙናው የማይረባ፣ አነጋገሩም የማይጥም ቢሆንስ? በር ክፍት ልተውለት?

አትተዪለት። አመስግነሽ እንዳልተመረጠ ብቻ ንገሪው፣ ስለ ወደፊቱ ምንም አትጨምሪ። ለሁሉም «ወደፊት አብረን እንሠራለን» የምትዪ ከሆነ ከልብሽ የፈለግሽውም ሰው አያምንሽም።

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፣ ሻጭ። ያሸነፈው በስንት እንደሆነ ካልነገራችሁን ምኑን እናሻሽላለን?

የሌላውን ዋጋም ስምም አልሰጥም። ያንተን ነገ ለእሱ ብሰጥ ደስ አይልህም። «በዋጋ ከሦስቱ ሦስተኛ ነበሩ» እስከማለት ግን እሄዳለሁ። አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ ይህም ብዙ ነው ትላለች፤ ተወዳዳሪ ሁለት ብቻ ሲሆን ደረጃ መናገር ዋጋውን ለመገመት በር ይከፍታል ባይ ነች። እስካሁን አልተስማማንም።

ሦስተኛ መሆኔን ባውቅ እንኳ በ1 በመቶ ይሁን በ30 አላውቅም።

እውነት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን «ዋጋዎ በጣም ራቅ ያለ ነበር» እላለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም።