መልስ፦ እየበሉ መክሳት

«አባቴ ቡሬ ነው የሚኖሩት። ከመስከረም ወዲህ ከ64 ኪሎ ወደ 58 ወረዱ፤ ምግብ ግን አልቀነሱም። ‹እርጅና ነው› ይላሉ። ምን ይሆን?»

እርጅና ብቻውን በጥቂት ወራት 6 ኪሎ አይወስድም። በዓመት ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ ያህል፣ ለእሳቸው 3 ኪሎ ገደማ፣ ያለምክንያት ከወረደ ሐኪም ማየት አለበት። እየበሉ መክሳታቸው ራሱ ፍንጭ ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ከጠማቸውና ሌሊት ለሽንት ከተመላለሱ መጀመሪያ የደም ስኳር ይለኩ፤ ማስታወክ ወይም መፍዘዝ ከታከለበት ዛሬውኑ ውሰዷቸው። እጃቸው ከተንቀጠቀጠና ልባቸው በፍጥነት ከመታ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ይታይ። ሳል ከ2 ሳምንት ካለፈ ደግሞ አክታ ይመርመር። ካንሰር፣ ኤችአይቪና ድብርትም ያከሳሉ፤ ከመልክ ብቻ አይለዩም። «ኮሶ ይሆናል» እያላችሁ ቤት አታቆዩአቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።