«መብራቱ ጠፍቶ ነበር» ብሎ መመዝገብ ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ በአንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያችን ዋናውን ብሬከር አውርዶ የማከፋፈያ ፓኔል ሲጠግን ኤሌክትሪክ ያዘው። ለካ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ «ኃይል ሳያቋርጥ ሲሠራ ቀላል ጉዳት ደረሰበት» ብለህ መዝግብና ፈርም ይለኛል። እኔ ያየሁት ግን እንደዚያ አይደለም። ምን ብዬ ልመዝግብ? ብፈርምስ ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። እርስዎ ብዕሩን የያዙት አሠሪውን ወክለው ቢሆንም፣ አየሁ ብለው የሚፈርሙበት ቃል የራስዎ ነው። ያላዩትን ወይም ካዩት የሚቃረነውን አውቀው ቢፈርሙ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምስክርነትዎ ዋጋ ያጣል፤ እንደ ሁኔታው በወንጀልም ሊያስጠይቅዎ ይችላል።

ሥራ አስኪያጁ «ኃይል ሳያቋርጥ» የሚለው ሐረግ እንዲገባ የፈለጉበት ምክንያት የሚመስለኝ አንቀጽ 96 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚያመልጠው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰ እንደሆነ ነው፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ከዚሁ ይቆጠራል። እንግዲህ «ሳያቋርጥ ሠራ» የሚለው አጭር ሐረግ ሙሉውን ክርክር አስቀድሞ የሚጨርስ ፍርድ ነው ማለት ነው። መዝገብ ደግሞ ፍርድ የሚሰጥበት ቦታ አይደለም።

በሌላ በኩል «መብራቱ ጠፍቶ ነበር» ብለው ቢጽፉም አልተገላገሉም። ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት ጄኔሬተሩ የተያያዘው በአውቶማቲክ ቼንጅ ኦቨር ይመስላል። ይህ መሣሪያ የከተማው መብራት ሲቋረጥበት ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ጄኔሬተሩን ያስነሣና ጭነቱን ወደዚያ ያዞራል። ባለሙያው ያወረደው ብሬከር በቆጣሪውና በቼንጅ ኦቨሩ መካከል ያለው ከሆነ፣ ለመሣሪያው ያ ብሬከር መውረዱና የከተማው መብራት መሄዱ አንድ ነው፤ ስለዚህ ኃይሉን ያቋረጠበት ያው ድርጊት ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ፓኔሉን መልሶ በኤሌክትሪክ ሞላው ማለት ነው። ከቼንጅ ኦቨሩ በኋላ፣ ከፓኔሉ በፊት ያለውን ብሬከር አውርዶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰው መልሶ አንሥቶታል ወይም በሌላ መስመር ኃይል ገብቷል ማለት ስለሆነ ምርመራው ወደዚያ ይዞራል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የትኛው ብሬከር፣ የት ቦታ፣ በማን እጅ እንደወረደ ይጻፍ። ቢቻል የሆቴሉን የኤሌክትሪክ መስመር በሚያሳየው ሥዕል ላይ ምልክት ይደረግበት።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልጨምር። «ብሬከሩን ዘጋው» አይበሉ። በተለምዶ አጠፋው ለማለት ቢሆንም፣ የተማረ መሐንዲስ «የተዘጋ ሰርኪት» ሲል ኃይል የሚያልፍበትን ማለቱ ነው። እኔ በአንድ ክርክር ላይ ሁለት ባለሙያዎች ይህን አንድ ቃል ተቃራኒ አድርገው ሲተረጉሙት አይቻለሁ። «እጀታውን ወደ OFF አወረደው» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚጻፈው ብሬከሩ ተቆልፎ ወይም «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰቅሎበት እንደነበር፣ ቁልፉም በማን እጅ እንደነበር ነው። የጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ በ AUTO ላይ ነበር ወይስ ጠፍቶ ነበር? ባለሙያው ሽቦውን ከመንካቱ በፊት በቴስተር ፈትሿል ወይ? ከፈተሸ ጄኔሬተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቀድሞ ፈትሾ ኃይል አለመኖሩን አይቶ፣ ከሰከንዶች በኋላ ኃይሉ ከተመለሰ ቴስተሩም እሱም አልዋሹም። የማያውቁትን «አላየሁም» ብለው ይጻፉ። ድርጅቱ የመቆለፊያ ቁልፍና ቴስተር ሰጥቶት እንደሆነ፣ የጽሑፍ መመሪያም ካለ መቼ እንደተሰጠውና መፈረሙን ይመዝግቡ፤ አንቀጽ 96 ላይ የሚመዘነው ይህ ነውና። የለም ከሆነም የለም ይባል።

የሰዓቱ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። የጄኔሬተሩ መቆጣጠሪያ የተነሣበትን ጊዜ በራሱ ያስቀራል፤ ያ ግን በፈረንጅ አቆጣጠርና በፈረንጅ ሰዓት ነው። እርስዎ «ረፋድ 4፡20» ብለው ሲጽፉ ስክሪኑ 10:20 ይላል፤ ያላወቀ ሰው የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ ብሎ ይከራከርበታል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የመቆጣጠሪያው ሰዓት ከእጅዎ ስልክ በስንት ደቂቃ እንደሚለይም ዛሬውኑ አይተው ያስፍሩ። ማንም ሳይደመስሰው የስክሪኑን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ወደ ጉዳቱ ስንመጣ፣ «ቀላል» የሚለው ቃል የሐኪም እንጂ የእርስዎ አይደለም። ኤሌክትሪክ በቆዳ ላይ የሚተወው ምልክት ጥቂት ሆኖ ሳለ በውስጥ የልብን ምት ሊያዛባ፣ ጡንቻንም ሊጎዳ ይችላል፤ የሽንት መጥቆርም የጡንቻ ጉዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በኋላ ከታየ ሐኪም ዘንድ ይመለስ። እርስዎ የሚጽፉት በዓይንዎ ያዩትን ነው፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታክል፣ ነጣ ያለች፣ የማትደማ ምልክት አየሁ። የግራ ክንዱ የፓኔሉን ብረት የነካበት ቦታ ቀልቷል። ስሙን ስጠይቀው መለሰ። ቀኝ ክንዱ እስከ ትከሻው እንደደነዘዘው ነገረኝ።» ያዩትና እሱ የነገረዎት እንደዚህ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይቁሙ። ለስንት ሰከንድ እንደያዘው ካልቆጠሩ ቁጥር አይፍጠሩ። ኃይሉን ማን እንዳቋረጠለት፣ ማን እንዳላቀቀው፣ በስንት ሰዓት በምን ተሽከርካሪ የትኛው ጤና ተቋም እንደደረሰ ይጻፍ፤ የመጀመሪያ እርዳታና ማጓጓዣ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ መፈጸሙን የሚያሳየው ይህ ነው።

ይህ ዝርዝር ለባለሙያው የሚጠቅመው በገንዘብም ነው። ጉዳቱ ከሥራ ካስቀረው በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንሰውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንሰውን ያገኛል። ከሁለት ወር በኋላ ክንዴ አልታዘዘኝም ቢል፣ ያን ዕለት «ቀኝ ክንዴ ደንዝዟል» ማለቱ በመዝገብ ላይ መገኘቱ ጉዳቱን ከአደጋው ጋር ያያይዝለታል።

ሥራ አስኪያጁ በአጻጻፍዎ ካልተስማሙ አስተያየታቸውን በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው ፊርማና ቀን ከእርስዎ ቃል በታች ይጻፉ፤ ያ መብታቸው ነው። የእርስዎን ቃል መሰረዝ ወይም ገጹን መቀየር ግን አይቻልም። በኋላ ያስታወሱት ነገር ካለም የቀደመውን ሳይነኩ «ተጨማሪ» ብለው፣ የሚጽፉበትን ዕለት ቀን አድርገው ያስፍሩት። ከሳምንት በኋላ የሚጽፉት መሆኑንም አይደብቁ፤ አደጋው የደረሰበትን ቀንና የጻፉበትን ቀን ለይተው ያስቀምጡ። «ካልፈረምክ» እየተባሉ ከሆነ የተባሉበትን ቀንና ቃል ለብቻው መዝግበው፣ የመዝገቡን ቅጂ ይዘው በአካባቢዎ ወዳለው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።