የሙሽራዋ ፊት ከላፕቶፑ አይውጣ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

«ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ሙሽሮቼ ፋሲል ግቢ ሊነሱ ቀጠሮ ይዘው ዝናብ አላስወጣ አላቸውና ስቱዲዮ ውስጥ አነሳኋቸው። አሁን ግቢው ከኋላቸው ይታይልን እያሉ ነው። ላፕቶፔ ባለ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ነው። በሱ ልሥራ ወይስ ለክላውድ ልክፈል?»

በላፕቶፑ ይሥሩ። ግን የሙሽሮቹን ፎቶ ምስል ለሚሠራው የኤአይ ሞዴል አይስጡት። መስጠት ያለብዎት ሰው የሌለበት የባክግራውንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በትንሽ ካርድ ላይ ፎቶ እያሳዩ ምስል ማሠራት የሚቻለው ባብዛኛው ስቴብል ዲፊውዥን 1.5 በሚባለው ሞዴልና ፎቶውን በሚያሳየው ተጨማሪ፣ በአይፒ-አዳፕተር ነው። አይፒ-አዳፕተር የሰጡትን ፎቶ 224 በ224 ፒክስል አድርጎ ያሳንሰዋል። ከዚያ ቀለሙን፣ የልብሱን ዓይነትና የብርሃኑን ጠባይ ይወስዳል። ከዚህች ትንሽ ምስል የሰው መልክ ተሟልቶ አይወጣም። ካባው የሙሽራዋ ይሆናል፣ ፊቷ ግን የአክስቷን ልጅ ይመስላል። እናቷ አልበሙን ገልጣ «ይቺ ማናት?» ብትል መልስ የለዎትም። ፊት ለማስመሰል የተሠራው ፌስአይዲ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የሚደገፍበት የኢንሳይትፌስ ሞዴል ለንግድ ሥራ አልተፈቀደም። የክላውዶቹ ትልልቅ ሞዴሎች መልክ በመያዝ በጣም ይሻላሉ። ቢሆንም ፊቱን እንደገና ይሥሉታል እንጂ እርስዎ ያነሱት ፎቶ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። ሙሽሮቹን እንደተለመደው በፎቶ ማስተካከያው ቆርጠው ለብቻ ያስቀምጡ። ባክግራውንዱን ለብቻ ያሠሩ። በመጨረሻ ያጋጥሟቸው። ፊታቸው ካሜራዎ እንዳነሳው ይቀራል።

ለባክግራውንዱ ሁለት ፎቶ ያስፈልግዎታል። አንዱ ሰው የሌለበት የግቢው ፎቶ ነው፤ እሱን ለኮንትሮልኔት ይስጡት። ኮንትሮልኔት የሕንፃውን ቅርጽ ይዞ ያቆያል። ሁለተኛው ብርሃኑ ከስቱዲዮዎ መብራት ጋር የሚሄድ፣ ለምሳሌ ወደ ማታ የተነሳ የሌላ ቦታ ፎቶ ነው። እሱን ለአይፒ-አዳፕተር ይስጡት፤ ጉልበቱን 0.6 ላይ ይጀምሩ። መጠኑ 512 በ768 ይሁን። ኮንትሮልኔቱን ትተው በአይፒ-አዳፕተር ብቻ ከሞከሩ «ግንብ የሚመስል ነገር» ነው የሚወጣልዎት። እኔ የማየው ማማዎቹን ነው። የአፄ ፋሲል ግንብ አራት ማዕዘን ላይ አራት ክብ ማማ አለው፤ አናታቸው እንደ እንቁላል የሾለ ነው። አምስተኛ ክብ ማማ ከበቀለ ወይም የክቦቹ አናት እንደ አውሮፓ ግንብ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ይጣሉት። ጎንደሬ ደንበኛ ወዲያው ያውቀዋል።

የወጣውን ምስል በማሳደጊያ ሞዴል አራት እጥፍ ሲያሳድጉት 2048 በ3072 ይሆናል። በ300 ዲፒአይ ሲታተም 17 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከሙሽሮቹ ኋላ ትንሽ ደብዘዝ ስለሚል ለአልበም ይበቃል። ለግድግዳ ትልቅ ፎቶ ግን አይበቃም፤ ደንበኛውን አስቀድመው ይንገሩት።

ወጪውን እናስላው። ለአንድ ሠርግ ሦስት ባክግራውንድ ያስፈልጋል እንበል። ለእያንዳንዱ 15 ሙከራ ይደረጋል፤ 45 ምስል ማለት ነው። በእኔ ባለ 4 ጊጋ ካርድ እንዲህ ያለው አንድ ምስል ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 45ቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ክላውድ ላይ የጎግል «ጀሚናይ 2.5 ፍላሽ ኢሜጅ» ሲወጣ ለአንድ ምስል ያስከፍል የነበረው 0.039 ዶላር ነው። በዚያ ሂሳብ 45 ምስል 1.76 ዶላር ይመጣል። እንግዲህ ዋናው ልዩነት ገንዘቡ አይደለም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው፤ ካርዱ ካለዎት ግን ክላውዱ ውድ አይደለም። በላፕቶፕ ከሆነ ዋናው ወጪ የመጀመሪያው ቀን ዳታ ነው። ሞዴሉን የሚያሠራው ኮምፊዩአይ የሚባለው ፕሮግራም፣ ሞዴሉ፣ የአይፒ-አዳፕተሩ ምስል አንባቢና ኮንትሮልኔቱ ተደምረው ወደ 7 ጊጋ ይደርሳሉ። አንዴ ካወረዱት በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ነጻ አገልግሎት ላይ የሚጫን ፎቶ የት እንደሚሄድ ውሉን ያንብቡ። የጎግል የጀሚናይ ኤፒአይ ውል ለምሳሌ ባልተከፈለበት አገልግሎት የገባውን ነገር አገልግሎቱን ለማሻሻል እንደሚጠቀምበትና ሰዎችም ሊያዩት እንደሚችሉ በግልጽ ይናገራል። በከፈሉበት ግን ለዚያ እንደማይውል ይናገራል። ያቺ ሙሽራ ገንዘብ የከፈለችው ለእርስዎ ነው። ፎቶዋን የማታውቀው ሰው እንዲያይ አልተስማማችም። ከላይ ያልኩትን መንገድ ከያዙ ግን ክላውድ ለመጠቀም ቢገደዱ እንኳ የሚሄደው የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው።

«ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ይሠራል?»

ይሠራል፤ ባለ 16 ጊጋ ራም ይሁን እንጂ። ለአንድ ምስል አምስት፣ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለህ።

«ምስሉ ሠርቶ ሠርቶ መጨረሻ ላይ ጥቁር ብቻ ይወጣል። ካርዴ GTX 1650 ነው። ተበላሽቷል?»

ካርድህ ደህና ነው። የ16 ተከታታይ ካርዶች በግማሽ ትክክለኛነት ሲያሰሉ ቁጥሩ ይፈርሳል፤ ጥቁሩ የዚያ ምልክት ነው። ኮምፊዩአይን እንዲህ አስነሳው፦

```
python main.py --lowvram --fp32-vae
```

ጥቁሩ ካልለቀቀ `--fp32-vae` የሚለውን አውጥተህ በቦታው `--force-fp32` አስገባ። ሜሞሪ በእጥፍ ይበላል፣ ይዘገያል፣ ግን ምስል ይወጣል።

«የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ፎቶ ሰጥቼው ለነጠላ ጥለት ሐሳብ እንዲያወጣልኝ ፈልጌ ነበር። የሚያወጣው ቡናማ ጭጋግ ነው።»

ሙሉውን ጣሪያ ስለሰጠሽው ነው። 224 ፒክስል ውስጥ ያን ሁሉ የመልአክ ፊት ስትጨምሪ እያንዳንዱ ነጥብ ይሆናል። ሦስት ወይም አራት ፊት ብቻ የያዘ አራት ማዕዘን ቆርጠሽ ስጪው። ዓይኖቹና ክንፎቹ ያኔ ይታዩታል።

ሌላም አለ። ፎቶሽ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚያየው መሐሉን ካሬ ነው። 4000 በ6000 የሆነ ፎቶ ከላይ 1000፣ ከታች 1000 ፒክስል ይቆረጥበታል። ብዙ ሰው «ዘውዱን አላወጣልኝም፣ የቀሚሱን ጥልፍ ረሳው» የሚለው በዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም አላየውም። ኮምፊዩአይ ላይ `Prep Image For ClipVision` የሚለውን ኖድ ጨምረሽ `crop_position` ላይ `top` ወይም `pad` ምረጪ።

ላንቺ ሥራ ክላውድም ጥሩ ነው፤ ሰው የለበትም፣ የምትደብቂው ነገር የለም። የራስሽን አዲስ ጥለት ገና ለገበያ ሳታወጪ ኢንተርኔት ላይ መጫን ካልፈለግሽ ግን ላፕቶፕሽ ላይ ቆዪ። ክላውድ ላይ ግራፊክስ ካርድ በሰዓት የምትከራዪም ከሆነ ስትጨርሺ ማሽኑን አጥፊ፤ ዲስኩንም ሰርዢ። ገጹን መዝጋት ማጥፋት አይደለም። እኔ አንድ ማታ ገጹን ዘግቼ ተኛሁ፤ እስከ ጠዋት ሲቆጥር አደረ። ማሽኑን ካጠፋሁ በኋላም የዲስኩ ኪራይ ሳምንት ሙሉ ይቆጥር ነበር።

«በራሴ ላፕቶፕ ከሠራሁ ምስጢሩ የተጠበቀ ነው አይደል?»

በከፊል። ሦስት ቦታ ይመልከቱ።

ኮምፊዩአይ የሚያስገቡትን ፎቶ ሁሉ `input` የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገለብጠዋል። ዋናውን ቢያጠፉም ቅጂው እዚያ ይቀመጣል። ላፕቶፑን ለጥገና አራዳ ሲወስዱት ዓመት ሙሉ የሰበሰቡትን የደንበኛ ፊት ይዞ ይሄዳል። በየሥራው መጨረሻ ያጽዱት።

ሁለተኛ፣ የሚወጣው የፒኤንጂ ፋይል በሆዱ የጻፉትን ትእዛዝና ያስገቡትን ፋይል ስም ይዟል። ፋይሉ በደንበኛዋ ስም ከተሰየመ ስሟም አብሮ ይላካል። ሲያስነሱ `--disable-metadata` ይጨምሩ።

ሦስተኛው የሚከፋው ነው። ኮምፊዩአይ ላይ የሚጨመር፣ ማንም ሰው የሠራው ኖድ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው፤ የፈለገውን ማድረግ ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ComfyUI_LLMVISION የሚባል ኖድ የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል ሲሰርቅ ተገኝቷል። ሞዴል ሲያወርዱ `.safetensors` የሚለውን ይምረጡ፤ `.ckpt` ውስጡ ኮድ ሊደበቅበት ይችላል። ሁሉም ከተጫነ በኋላ ዋይፋዩን አጥፍተው አንድ ምስል ያሠሩ። ከሠራ እዚያው እየተሠራ ነው። የደንበኛ ፎቶ ሲይዙ እንደጠፋ ይተዉት።

«ካሁን በፊት ያነሳኋትን ሙሽራ ፊት ሪፈረንስ አድርጌ ለፎቶ ቤቴ ማስታወቂያ ባሠራስ? ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

አያሠሩ። ያነሱት እርስዎ ነዎት፣ ፊቱ ግን የሷ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትም፣ ማባዛትም፣ መሸጥም ይከለክላል። «በማሽን የተሠራ ነው» ማለት አያድንዎትም፤ ያዩት ሁሉ «ይቺ እኮ እገሊት ናት» ካሉ ምስሏ ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ዳታን ከአገር ውጭ ስለመላክም ደንግጓል። የክላውዱ ኮምፒውተር ጎንደር አይደለም ያለው።

ይህን እኔ ጽፌልዎት አይለፉት። አንድ የሕግ ባለሙያ ጋ ሄደው ደንበኞች የሚፈርሙበት የፈቃድ ወረቀት ያስረቅቁ። ወረቀቱ «ለአልበም»፣ «ለማስታወቂያ» እና «በኮምፒውተር ለሚሠራ ምስል» የሚሉትን ለየብቻ ይጠይቅ፤ ሦስቱ አንድ ፈቃድ አይደሉም። ከመሄድዎ በፊት አንድም ምስል አያውጡ።

«መብራት ብዙ አይበላም?»

አይበላም። 120 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ ለግማሽ ሰዓት ሲሠራ 0.06 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያንን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

«ሲሠራ መብራት ቢጠፋብኝስ?»

ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል። ካርዱ ግን በባትሪ ፍጥነቱን በጣም ይቀንሳል፤ ሁለት ደቂቃ የነበረው አምስት፣ ስድስት ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ያለቁት ምስሎች `output` ውስጥ አሉ፤ ተራ የያዙት ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ 45ቱን በአንዴ አይደርድሩ፤ አምስት አምስት ያስገቡ። አሠራሩንም መጀመሪያ ሴቭ ያድርጉት።