አዲሱ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ከማስጠንቀቂያው ወር ጋር እንዲጣጣም እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሌላ ድርጅት ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን አልፌ ተቀብሎኛል፤ ግን በስልክ ‹ሰኞ ጀምሪ› አሉኝ። አሁን ላለሁበት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ቀኑን አራዝሙልኝ ብል ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆን? ምን ብዬ ልጠይቅ?»

መልስ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ድርጅቶች የሰው ሀብት ክፍል ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁና «ሰኞ ይጀምሩ» ብለው ከሚደውሉት ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ፣ ነገሩ ከዚያኛው ወገን ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ያ «ሰኞ» አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ ቀን አይደለም። ሰው የጎደለበት ክፍል ኃላፊ በየቀኑ ይጨቀጭቃል፤ ደዋዩም ከሁሉ የቀረበውን ቀን ይጠራና መልስዎን ይጠብቃል። በሥራ ላይ ያለ ሰው መልቀቂያ ሳይዝ እንደማይመጣ ራሱ ያውቃል፤ እንዲያውም ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ የመልቀቂያ ደብዳቤና ክሊራንስ እንዲያመጡ የሚጠይቅዎት እሱ ነው። ስለዚህ ጊዜ መጠየቅዎ አያስደነግጠውም። የሚያስጨንቀው «ትንሽ ቀን ስጡኝ» ወይም «አለቃዬን ላናግርና እነግራችኋለሁ» የሚል ያልተቆረጠ መልስ ነው፤ እንዲህ የሚል ሰው የእኛን ደብዳቤ ይዞ አሁን ባለበት ደመወዝ ሊያስጨምር ነው ብለን ስለምንጠረጥር፣ በሁለተኛ ደረጃ ያለፈውን አመልካች ስልክ ከመዝገብ እንፈልጋለን። ይህ እንዳይሆን የሚጠይቁት ቀን ተቆጥሮ የተገኘና ምክንያቱ የሚታይ መሆን አለበት።

ቀኑን የሚቆጥሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው። በአንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ከአንድ ዓመት በላይ የሠራ ሰው ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ የሠራ ደግሞ ሦስት ወር የሚባለው ማስጠንቀቂያ አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት የሚሰጠው ነው፤ የሚለቀው ሠራተኛ ሲሆን ስንት ዓመት ቢሠራም 30 ቀን ነው። የሥራ መሪ የሚባሉ ኃላፊዎች ከዚህ አዋጅ ውጭ ስለሆኑ ውላቸውን ማየት አለባቸው፤ የመንግሥት ሠራተኞችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። እርስዎ የሂሳብ ሠራተኛ ከሆኑና የሌላ ክፍል ኃላፊነት ካልተሰጠዎት የሚመለከትዎት 30 ቀኑ ነው።

ሰላሳው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ለአለቃዎ በቃል ከነገሩበት ቀን አይደለም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የቅጥር ደብዳቤው ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ደረሰዎት እንበል፤ እነሱ ሰኞ ኅዳር 15 ጀምሪ ብለዋል። ደብዳቤውን አንብበው፣ ደመወዙና የሥራ መደቡ በቃል ከተነገረዎት ጋር አንድ መሆኑን አይተውና ፈርመው ሲመልሱ፣ እነሱም አዲሱን ቀን ሲያረጋግጡ ረቡዕ ኅዳር 10 ይሆናል። በዚያው ዕለት የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻዎን ካስገቡ ቆጠራው ሐሙስ ኅዳር 11 ይጀምራል። ከኅዳር 11 እስከ 30 ድረስ 20 ቀን ነው፤ ከታኅሣሥ 10 ቀን ሲጨመርበት ሰላሳው ዓርብ ታኅሣሥ 10 ይሞላል። ቅዳሜና እሑድም ከቆጠራው ውስጥ ናቸው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ሰኞ ታኅሣሥ 13 መጀመር ይችላሉ። እኔ ግን ረቡዕ ታኅሣሥ 15 እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

እነዚያ ተጨማሪ ቀናት የሚያስፈልጉት ለክሊራንስ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ክሊራንስ እንደሌላው ሠራተኛ ላፕቶፕና መታወቂያ አስረክቦ አያልቅም። በእጅዎ ያለው የካዝና ገንዘብ ይቆጠራል፤ ያልተሠራባቸው የደረሰኝና የቼክ ጥራዞች በተከታታይ ቁጥራቸው ይመዘገባሉ፤ በቼክ ላይ ፈራሚ ከሆኑ ስምዎ እንዲነሣ ለባንክ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ካለ ይወራረዳል። ከዚያ ቅጹ ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ሰው ሀብት ይዞራል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ መስክ ከወጣ እስኪመለስ ይጠበቃል። ክፍያም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ አዋጁ ደመወዝዎና ሌላው ክፍያዎ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈልዎት ያዝዛል፣ ሆኖም ንብረት ወይም ሂሳብ በማስረከብ ረገድ በራስዎ ጥፋት ከዘገዩ ክፍያውም ይዘገያል።

አጠያየቁን በተመለከተ፣ መጀመሪያ በስልክ ያናግሯቸው፣ በዚያው ቀን ደግሞ በኢሜይል ያጽኑት። በስልክ ብቻ የተስማማነው ቀን የሰው ሀብት ባለሙያው ፈቃድ ሲወጣ አብሮት ይወጣል፤ የእርሱ ተተኪ በፋይሉ ላይ የሚያየው «ኅዳር 15» የሚለውን ብቻ ነው። የኢሜይሉ ይዘት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ኅዳር 5 ቀን 2018 የተጻፈው የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኛል፤ በተገለጸው የሥራ መደብና ደመወዝ ተስማምቻለሁ። አሁን ለምሠራበት ድርጅት በሕግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለብኝ። የሥራ መጀመሪያ ቀኑ ተስተካክሎ ሲደርሰኝ በዕለቱ ማመልከቻዬን አስገባለሁ። ይህ እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 ከሆነ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ዓርብ ታኅሣሥ 10 ይሆናል፤ ንብረትና ሂሳብ አስረክቤ ረቡዕ ታኅሣሥ 15 ቀን ሥራ እጀምራለሁ። በደብዳቤው ላይ የሥራ መጀመሪያ ቀኑ በዚሁ እንዲስተካከል በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የደብዳቤው መቀበል ከቀኑ ጥያቄ በፊት መምጣቱን ልብ ይበሉ። ተቀባዩ መጀመሪያ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሲያነብ ይረጋጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቀን ጉዳይ ብቻ ነው። «በዕለቱ አስገባለሁ» የሚለው ደግሞ ሥራውን ወደ እነሱ ይመልሰዋል፤ ደብዳቤውን በሁለት ቀን ካዘገዩት የእርስዎም ቀን በሁለት ቀን እንደሚገፋ ከጽሑፉ ይታያል። የተስተካከለው ደብዳቤ ወይም ቢያንስ በጽሑፍ የተሰጠ ማረጋገጫ በእጅዎ ሳይገባ ማመልከቻ እንዳያስገቡ አደራ እላለሁ። በቃል «ተቀጥረሻል» ተብለው ለቀው፣ በጀቱ ታገደ ወይም መደቡ ተሰረዘ የተባሉ ሰዎችን ከአንድ በላይ አውቃለሁ፤ የለቀቁበትን ቦታም መልሰው አላገኙትም።

ወር ሙሉ አንጠብቅም ቢሉስ? መጀመሪያ የሚያስቸኩላቸው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። የኦዲት ጊዜ ደርሶባቸው ወይም የቀድሞው ሠራተኛ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ከሆነ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሄደው ርክክቡን ለመታዘብ ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከአሁኑ አሠሪዎ ጋር ያለዎት ውል እስኪያበቃ ድረስ ለሁለተኛ አሠሪ ሥራ አይጀምሩ። አንዳንዱ «ጥለሽ ነይ፣ ምንም አይመጣም» ይላል። የሚመጣው ነገር አለ፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የለቀቀ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ ይከፍላል፣ መጠኑም ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ገንዘቡን አዲሱ ድርጅት እከፍላለሁ ቢል እንኳ ካዝና ሳይቆጠር የጠፋ የሂሳብ ሠራተኛ የሚል ስም አብሮ ይከተላል፤ በእርስዎ ሙያ ደግሞ ቀጣሪዎች ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤት መደወል ልማዳቸው ነው። እኔም ስቀጥር «ያለ ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ እመጣለሁ» የሚል ገንዘብ ያዥ ሲያጋጥመኝ፣ ከእኛም እንደዚሁ ይወጣል ብዬ ወደ ጎን አደርገው ነበር።

ማመልከቻውን ስታስገቡ የሚፈጠረው ችግር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አለቃ «እስቲ እናስብበት» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስጠንቀቂያ እንዳልደረሰው ሆኖ ይቆጥራል። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፣ በራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በማመልከቻው ላይ የሚለቁበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የመጨረሻ የሥራ ቀንዎን ደግሞ በግልጽ ይጻፉ። «እስኪፈቀድልኝ ድረስ» የሚል ነገር አይጨምሩ፤ መልቀቅ የአሠሪውን ፈቃድ የሚጠብቅ አይደለም፣ እንዲህ ያለው ቃል ግን የራስዎን ቀን በእርሱ እጅ ያስገባል። በማስጠንቀቂያው ጊዜ ውስጥ የሁለታችሁም ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል፤ እርስዎ ሙሉ ሰዓት ይሠራሉ፣ እነሱም ሙሉ ደመወዝ ይከፍላሉ።

የቀረ የዓመት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከሰላሳው ቀን ላይ እንዲቀነስላቸው ይፈልጋሉ። አሠሪው ከተስማማ ይቻላል፤ ካልተስማማ ያልወሰዱት ፈቃድ በገንዘብ ተሰልቶ ስለሚከፈልዎት አይጠፋም። አዲሱን ቀን ስታሰሉ በዚህ ተስፋ አትመኩ። ምትክ ቶሎ ተገኝቶ ወይም ከአለቃዎ ጋር ተግባብተው ከታኅሣሥ 10 በፊት ሊለቅዎት ከፈቀደ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ የመጨረሻው ቀንም ይጠቀስበት፤ በቃል «ሂጂ በቃ» ተብሎ የወጣ ሰው በኋላ ጥሎ እንደጠፋ ሊቆጠር ይችላል። ወረቀቱ በእጅዎ ከገባ ለአዲሱ ድርጅት ቀደም ብለው መጀመር እንደሚችሉ ይጻፉላቸው፤ በዚያን ጊዜ የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እንደገና መስተካከል አለበት፣ ምክንያቱም 60 የሥራ ቀን የሚሆነው የሙከራ ጊዜዎ የሚቆጠረው ሥራ ከጀመሩበት ቀን ነው።