ውሉ አልቋል፣ ቆረጣው ግን አልቆመም፦ ጥያቄና መልስ

ጋሽ መዝገቡ፦ ዛሬ የምመልሰው ውላቸው አልቆ ባንክ ከሒሳባቸው መቁረጡን ላላቆመባቸው ብቻ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ትዕዛዙን ማን ፈረመ? ገንዘቡ ወደ ማን ሒሳብ ይሄዳል? ውሉ መቼ አለቀ? «ባንክ ብሬን በላው» ብቻ የሚል ጥያቄ አልመልስም።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ የሱቅ ኪራይ ውሌ ሰኔ 30 ቀን 2017 አልቆ ቁልፉን አስረክቤያለሁ። በቋሚ ትዕዛዝ በየወሩ 15,000 ብር ለአከራዩ ይተላለፍ ነበር። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ ሦስት ጊዜ ተቆረጠብኝ። ባንኩ «ውላችሁን እኛ አናውቅም» ይላል። ምን ላድርግ?

ጋሽ መዝገቡ፦ እህቴ፣ ባንኩ አልዋሸሽም። የሚያውቀው አንቺ የፈረምሽውን ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ የማብቂያ ቀን የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ባዶ ከተተወ ትዕዛዙ «እስኪሰረዝ ድረስ» ሆኖ ይመዘገባል። ኪራዩ ይለቅ አይለቅ ማሽኑ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የቅጹን ኮፒ ጠይቂና ያንን ቦታ እዪው። የማብቂያ ቀን ተሞልቶ ከሆነ ጥፋቱ የባንኩ ነው፣ ነገርሽም ቀላል ይሆናል። ባዶ ከሆነ ግን ዛሬውኑ የስረዛ ደብዳቤ አስገቢ።

ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱን ይወስዱታል፣ ሁለተኛው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርገሽ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ያለ ማህተም ከቅርንጫፉ አትውጪ። የሚጻፈው አጭር ነው፦

«ከሒሳብ ቁጥሬ … ወደ ሒሳብ ቁጥር … በየወሩ በአውሮፓውያን 5ኛው ቀን ብር 15,000 እንዲተላለፍ የሰጠሁትን ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ከዛሬ ጀምሮ ሰርዣለሁ። ስረዛው መፈጸሙን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ፣ ከሰኔ 1 ቀን 2017 ወዲህ የተቆረጡትንም ክፍያዎች ከነመለያ ቁጥራቸው እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ አከራይሽ ክፋት፣ ስለ ሱቁ ጣሪያ፣ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ስለሚለውም አንድ ቃል አትጨምሪ። ስረዛና ተመላሽ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በአንድ ወረቀት ካቀላቀልሻቸው ደብዳቤው «ለሕግ ክፍል ይታይ» ተብሎ ይቀመጣል፣ በዚህ መሐል አራተኛው 15,000 ይሄዳል።

ኪሩ፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሒሳቡን ባዶ ማድረግ ነው። ብር ከሌለ ምን ይቆርጣሉ!

ጋሽ መዝገቡ፦ ባዶ ሒሳብ ትዕዛዝ አይሰርዝም። የዚያን ቀን ያልተሳካው ክፍያ እንደ ባንኩ አሠራር በሚቀጥለው ቀን እንደገና ሊሞከር ይችላል። ደመወዝ ወይም ሽያጭ በገባበት ጠዋት ይወሰዳል። ሰው ሦስት ወር ተደብቆ በአራተኛው ወር ይያዛል። ደብዳቤ አስገቡ፣ ማህተም ያዙ።

ባለሱቋ፦ ደብዳቤው ገብቷል፣ ማህተምም አለው። አሁን ሦስቱን 15,000 ከማን ልጠይቅ? አከራዩ ደግሞ «የመጀመሪያው የተከፈለው ውሉ ሳያልቅ ነው፣ እሱን አልመልስም» ይላል።

ጋሽ መዝገቡ፦ ጥሩ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ገንዘቡን ከማን እንደምትጠይቂ የሚወስነው ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት የተቆረጠውን ባንኩ በፊርማሽ ነው የከፈለው፤ መላሹ የማይገባውን የተቀበለው አከራይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል፣ የምትጠሪው እሱን ነው። ከማህተሙ ቀን በኋላ የተቆረጠ ካለ ግን ባንኩ ያለ ትዕዛዝ የከፈለው ስለሆነ ተጠያቂው ባንኩ ነው። የአንቺ ሦስቱም ከደብዳቤው በፊት ስለሆኑ ከአከራዩ ጋር ትነጋገሪያለሽ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ባንኩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ቀን ነው፣ ውላችሁ በእኛ። ውሉ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ከሆነ በባንኩ አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ማለት ነው። ክፍያው በየወሩ በ5 ነው። ስለዚህ የጁላይ 5ቱ ክፍያ የወጣው ሰኔ 28 ነው፣ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። አከራይሽ የያዘው ይህን ነው፤ በቀኑ አልተሳሳተም። ግን ጥያቄው በየትኛው ቀን ተከፈለ ሳይሆን የየትኛው ወር ኪራይ ነው የሚለው ነው። ውሉ «ኪራይ በቅድሚያ ይከፈላል» ይላል?

ባለሱቋ፦ አዎ፣ ይላል። የመጀመሪያውን የሐምሌ 2016 ኪራይ ስፈርም በደረሰኝ ከፍያለሁ። ትዕዛዙ የጀመረው በኦገስት 5 ነው።

ጋሽ መዝገቡ፦ እንግዲያው አለቀ። ኦገስት 5 ቀን 2024 ሐምሌ 29 ነው፤ የነሐሴን ኪራይ ቀድሞ ከፈለ። እንዲህ እያልሽ ውረጂ፣ ጁን 5 ቀን 2025 ማለትም ግንቦት 28 የሰኔን ይከፍላል። በባንክ 11፣ በደረሰኝ 1፣ ድምሩ 12። ዓመቱ ሞላ። ሰኔ 28 የወጣው 13ኛ ነው፣ ያልተቀመጥሽበት የሐምሌ 2017 ኪራይ ነው። ስለዚህ የሰኔ 28፣ የሐምሌ 29 እና የነሐሴ 30፣ ሦስቱም ይመለሳሉ፣ 45,000 ብር። ስቴትመንቱን አሳትመሽ በእያንዳንዱ መስመር ጎን «የነሐሴ»፣ «የመስከረም» እያልሽ በእስክሪብቶ ጻፊበት፣ ያን የመጀመሪያውን ደረሰኝ አያይዢ። ያለዚያ ደረሰኝ 12ቱን 11 ብሎ ይቆጥርብሻል።

ትዕግሥት፦ ግን እኮ የኪራይ ውል ሁለት ዓመት ነው! በአዲሱ አዋጅ ከሁለት ዓመት በታች አይቻልም። ስለዚህ ውሉ አላለቀም፣ ባንኩም ልክ ነው።

ጋሽ መዝገቡ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስለ መኖሪያ ቤት ነው። እሷ የጠየቀችው ስለ ሱቅ ነው።

ሕግ ተማሪ፦ ትክክል፣ አዋጁ ሱቅን አይመለከትም። ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር አልተስማማኝም። ባለሱቋ ቅጹን ስትሞላ የውሉን ኮፒ አያይዛ ከነበረስ? ባንኩ ማብቂያውን በእጁ ይዟል፤ ቦታው ባዶ ቢሆንም ሊጠየቅ ይገባል።

ጋሽ መዝገቡ፦ ባንኩ «የሠራሁት በቅጹ ነው፣ ውሉ ለማስረጃ የተያያዘ ነው» ይልሃል።

ሕግ ተማሪ፦ ይላል፣ ግን ትዕዛዝ የተቀበለ ወኪል በእጁ ያለውን ወረቀት የማንበብ ግዴታ የለበትም ነው የሚሉት?

ጋሽ መዝገቡ፦ ለዳኛ ብትነግረው ሊሰማህ ይችላል፣ በቅርንጫፍ መስኮት ግን አይሠራም። እኔ ማሸነፉን አልምልልህም፣ አንተም መሸነፉን አትማልልኝ። እንለፈው።

ሹፌሩ፦ የመኪና ብድሬን ጨርሻለሁ፣ ግን አሁንም ይቆረጣል። እንደ ባለሱቋ ደብዳቤ ላስገባ?

ጋሽ መዝገቡ፦ አበዳሪው ያው ሒሳብህ ያለበት ባንክ ነው?

ሹፌሩ፦ አዎ።

ጋሽ መዝገቡ፦ እንግዲያው ይህ ቋሚ ትዕዛዝ አይደለም፣ የብድሩ ሒሳብ ራሱ ነው የሚጎትተው። የስረዛ ደብዳቤ አይሠራም። ወደ ብድር ክፍል ሂድና የብድሩን ሒሳብ ስቴትመንት ጠይቅ፣ የቁጠባህን አይደለም። ብዙ ጊዜ የምታገኘው ትንሽ ቀሪ ነው። የመጨረሻው ክፍያ በዘገየባቸው ቀናት የታሰበ ወለድ ወይም ቅጣት ሳይከፈል ይቀርና ብድሩ አይዘጋም። ያንን ከፍለህ ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በማህተም ያዝ። ቀሪው ዜሮ ሆኖ ከዚያ በኋላ የሚቆረጥ ካለ ስህተቱ የባንኩ ነው፣ ተመላሹን ከባንኩ ጠይቅ።

ማሙሽ፦ እኔም እየተቆረጠብኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

ጋሽ መዝገቡ፦ ምን? ወደ ማን? ማን ፈረመ? ከላይ ተጽፏል።

ማሙሽ፦ ለመሥሪያ ቤታችን ብድርና ቁጠባ ማኅበር። ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። ባንክ ሄድኩ፣ «እኛ ጋ ምንም የለም» አሉኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ የለማ! የሚቆርጠው ባንኩ ሳይሆን የደመወዝ ክፍላችሁ ነው። ወደ ሒሳብህ የሚገባው ተቀንሶ የመጣ ደመወዝ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤህን ለማኅበሩም ለፋይናንስም አስገባ፣ በሁለቱም ላይ ማህተም አስደርግ። ዋስ ሆነህ የፈረምክለት ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን አጣራ።

የፍራንክፈርቱ፦ ጋሼ፣ ጀርመን ነኝ፣ የጂም ውሌ አልቆ ከሒሳቤ እየተወሰደ ነው። ለባንኩ ልጻፍ?

ጋሽ መዝገቡ፦ ያ ላስትሽሪፍት ነው፤ ጂሙ ነው የሚስበው፣ አንተ አይደለህም የምትልከው። ገንዘቡ ከተወሰደ በስምንት ሳምንት ውስጥ ከጠየቅህ ባንክህ ምክንያት ሳይጠይቅ ይመልስልሃል። ውሉ በእርግጥ ማለቁን የሚያሳይ ወረቀት ግን ያዝ፣ ካልሆነ ጂሙ ወጪ ጨምሮ ይመጣብሃል። ስለ ጀርመን ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እንደገና። «ተሰርዟል» ብለው ማረጋገጫ ሰጡኝ። በ5 ግን እንደገና 12,500 ብር ተቆረጠ! መጠኑ ሌላ ነው።

ጋሽ መዝገቡ፦ ኪራዩ ከ12,500 ወደ 15,000 ጨምሮ ያውቃል?

ባለሱቋ፦ አይ፣ ድሮ ከዚያው አከራይ ሌላ ክፍል ነበረኝ፣ 12,500 ነበር። እሱን ስለቅ የድሮውን አሰርዣለሁ ብዬ ነበር።

ጋሽ መዝገቡ፦ ብለሽ ነበር። ማህተም አለሽ?

ባለሱቋ፦ … በቃል ነው የነገርኳቸው።

ጋሽ መዝገቡ፦ ተመልከቱ እንግዲህ። ሁለት ትዕዛዝ ነበር፤ የተሰረዘው ደብዳቤው መጠኑን የጠቀሰው አንዱ ብቻ ነው። ስቴትመንትሽን ወደ ኋላ ገልጪ፣ በየ5ኛው ቀን በFT የሚጀምር መለያ ቁጥር ሁለት ሁለት ካለ የድሮው ከመጀመሪያውም አልቆመም፣ ሲወጣ የኖረ ነው። አንድ ብቻ ከሆነና ይህኛው አሁን ብቅ ካለ ታግዶ የነበረውን አንድ ሰው አስነስቶታል፣ ያኔ ባንኩ መልስ አለበት። ነገ ሄደሽ «በሒሳብ ቁጥሬ የተመዘገቡ ቋሚ ትዕዛዞች በሙሉ ዝርዝር» ጠይቂ፣ በየትዕዛዙ መለያ ቁጥር እየጠቀስሽ አሰርዢ። በስልክ መተግበሪያ ራስሽ ያስያዝሽው ወርኃዊ ዝውውር ካለም እዚያው ገብተሽ አጥፊው፣ ቅርንጫፉ ላያየው ይችላል።

ኪሩ፦ ሒሳቡን ባዶ ብታደርገው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ጋሽ መዝገቡ፦ ኪሩ፣ ሂድ።

ባለሱቋ፦ ዝርዝሩን ነገ ይዤ እመጣለሁ፣ ጋሼ።